የእርጥበት መለኪያን በጨው መፈተሽ፦ ቁጥሩ እስኪቆም መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል?

ጫጩት በማሽን የሚያስፈለፍል ሰው ከዓይኑ የማይለያቸው ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንዱ ሙቀት ነው፤ 37.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ይጠበቃል። ሌላው አንጻራዊ እርጥበት ነው። የዶሮ ዕንቁላል ማሽን ውስጥ ከሚቆይባቸው 21 ቀናት በመጀመሪያዎቹ 18 ቀናት እርጥበቱ ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ደግሞ ከ65 እስከ 70 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። በመፈልፈያው ሰዓት አየሩ ከደረቀ የዕንቁላሉ ውስጠኛ ስስ ሽፋን ደርቆ ጫጩቱ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ከመጠን በላይ ከረጠበ ደግሞ ዕንቁላሉ መትነን የነበረበት ውሃ ውስጡ ይቀራል፤ ጫጩቱ የሚተነፍስበት የአየር ኪስም ይጠብበታል።

ሙቀቱን በሌላ ቴርሞሜትር ማመሳከር ይቻላል። ርካሹ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ ትክክል መሆኑ ግን በምን ይታወቃል? ለዚህ የሚያስፈልገው ዋና ነገር በየቤቱ ያለው የገበታ ጨው ነው።

ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ውሃው እንደ ልቡ እንዳይተን ይይዘዋል። ሊሟሟ የሚችለው ሁሉ ሟሙቶ ገና ያልሟሟ ጨው ከሥሩ የተረፈበት ውሃ “ጨው የጠገበ” ይባላል። እንዲህ ያለው ድብልቅ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ በላዩ ያለውን አየር ራሱ ይቆጣጠረዋል። አየሩ ከረጠበ ድብልቁ ትርፉን ውሃ ይስባል፤ ከተረፈው ጨውም ጥቂት ይሟሟል። አየሩ ከደረቀ ውሃ ይለቃል፤ ጥቂት ጨውም ተመልሶ ይጠጥራል። በሁለቱም መንገድ የውሃውና የሟሟው ጨው ምጣኔ አይለወጥም፤ ስለዚህ የአየሩ እርጥበት አንድ ቦታ ላይ ይረጋል። አሜሪካዊው ሉዊስ ግሪንስፓን በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሠንጠረዥ መሠረት የገበታ ጨው በ25 ዲግሪ ሙቀት 75.3 በመቶ እርጥበት ይሰጣል። በማሽኑ 37.5 ዲግሪም ቢሆን ከ75 በመቶ እምብዛም አይርቅም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ እናውቃለን፤ የጨው ቁጥር ግን ደጋ ቆላ ሳይል በሁሉም ከፍታ ያገለግላል።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። ጥብቅ ክዳን ያለው አንድ ሊትር ገደማ የሚይዝ ሰፊ የመስታወት ማሰሮ ውሰዱ። 100 ግራም ንጹሕ ነጭ ጨው ጨምሩበት፤ ከዚያ 30 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሳችሁ አማስሉት። ድብልቁ የረጠበ አሸዋ መምሰል አለበት። ያልታጠበ ሻካራ ጨው አትጠቀሙ፤ አብሮት የሚመጣው ማግኒዥየም ውሃ ስለሚስብ እርጥበቱን ከ75 በታች ሊያወርደው ይችላል። ጨው ላይ የሚጨመረው አዮዲን ግን መጠኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ አያሳስብም። በባትሪ የሚሠራውን መለኪያ ጨው በማይነካው ትንሽ የፕላስቲክ መቆሚያ ላይ አስቀምጡና ክዳኑን ግጠሙ። ማሰሮውን ዕንቁላል ያልገባበትና ሙቀቱ የተስተካከለ ማሽን ውስጥ አስገቡት። በዚህ መንገድ መለኪያው የሚፈተሸው በሚሠራበት ሙቀት ነው፤ ጨውና መለኪያም እኩል ይሞቃሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መለኪያው ከጨው በአንድ ዲግሪ ቢሞቅ ወይም ቢቀዘቅዝ ንባቡ በአራት በመቶ ገደማ ይዛባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ሴንሰሩ የሚነፍስ አየር ሲነካው በሰከንዶች ውስጥ እንደሚነቃ መመሪያው ላይ ስለተጻፈ ግማሽ ሰዓት የሚበቃ ይመስላል። የሚያዘገየው ግን ሴንሰሩ አይደለም። በ37.5 ዲግሪ አንድ ሊትር አየር ከ45 ወደ 75 በመቶ ለመድረስ የሚፈልገው ውሃ 14 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ከአንድ ጠብታ ያነሰ ማለት ነው። ነገር ግን እንፋሎቱ ነፋስ በሌለበት ማሰሮ ውስጥ በዝግታ ይሰራጫል። የመለኪያው የፕላስቲክ ሽፋንና በውስጡ ያለው ሁሉ ድርሻውን ይጠጣል። እነዚህ እስኪጠግቡ በሴንሰሩ ዙሪያ ያለው አየር ከጨዉ አጠገብ ካለው ይደርቃል። ስለዚህም ካርቶን፣ እንጨት ወይም ጨርቅ ማሰሮው ውስጥ ፈጽሞ አይገባም።

በምሳሌ እንየው። መለኪያው ሲገባ 45 ያነብ ነበር እንበል። ከሁለት ሰዓት በኋላ 61.9፣ ከአራት ሰዓት በኋላ 68.2፣ ከስድስት በኋላ 70.5፣ ከስምንት በኋላ 71.3 ሆነ። ጭማሪዎቹን ተመልከቱ፤ 6.3፣ 2.3፣ 0.8። እያንዳንዱ ከፊቱ ካለው ጭማሪ ሲሶ ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ በሥርዓት ሲያንስ ገና የቀረው ከመጨረሻው ጭማሪ ግማሹ ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ስለዚህ ንባቡ 71.8 ላይ ይቆማል ብሎ መገመት ይቻላል። አዳሩን ትተውት ጠዋት ሲያዩት 72 ገደማ ካነበበ መለኪያው 75 ላይ በሦስት ያህል ያሳንሳል ማለት ነው።

በሁለተኛው ሰዓት ላይ የቸኮለ ሰው ግን “መለኪያዬ በ13 ያሳንሳል” ብሎ 13 ይደምራል። ከዚያ በመፈልፈያው ቀን 65 ሲያነብ ሴንሰሩ ራሱ የሚለው 52 ነው፤ ትክክለኛው እርጥበት ደግሞ 55 አካባቢ። ጫጩቶቹ እየደረቁ ባለቤቱ ሁሉም ደህና እንደሆነ ያምናል። እንዲህ ከማስተካከል መለኪያውን እንዳለ መተው ይሻል ነበር።

ንባቡ በእርግጥ መርጋቱን ለማወቅ ሌላም መንገድ አለ። መለኪያውን ለጥቂት ደቂቃ እርጥብ ጨርቅ አጠገብ አቆይታችሁ ንባቡ ከ85 በላይ ሲወጣ ወደ ማሰሮው መልሱት። ከላይ ወደ ታች ሲወርድም ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር አንድ በመቶ ያህል ተቀራርቦ ከቆመ ፈተናው ይታመናል። ቁጥሩ ከማሞቂያው መብራትና መጥፋት ጋር ከፍ ዝቅ ካለ ሙቀቱ አልተስተካከለም። ሳያቋርጥ በአንድ አቅጣጫ ከተጓዘ ክዳኑ ያፈሳል ወይም ውሃ የሚጠጣ ነገር ውስጡ አለ። ማሰሮው ሥር የጨው ፍሬ ካልታየ ድብልቁ ቀጥኗል፤ እርጥበቱም ከ75 ይበልጣል።

አንድ ጨው የሚናገረው ስለ 75 አካባቢ ብቻ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 18 ቀናት የሚያስፈልገውን ከ50 እስከ 55 ያለውን ለማወቅ በዚያው ሙቀት 32 በመቶ ገደማ የሚሰጠውን ማግኒዥየም ክሎራይድ ከኬሚካል ሻጮች ገዝቶ ፈተናውን መድገም ይገባል። በ32 ላይ መለኪያው በአንድ፣ በ75 ላይ በሦስት ካሳነሰ መሃል ላይ ባለው 53 በሁለት ያሳንሳል ብሎ መውሰድ ይቻላል።

ውጤቱንና ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ማሽኑ ላይ ለጥፉ፤ ፈተናውንም ዕንቁላል ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ሌሊት መድቡለት። በሁለት ሰዓት ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ንባቦች እኩል ሳይሆኑ ምንም ማስተካከያ አትጻፉ።