የተጠቀሰ የጥናት ጽሑፍ የታረመ ወይም የተሻረ መሆኑን የማጣራት ሥርዓት

በመሐል ሜዳ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ የሚያስተምሩ መምህራን፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች እንዲሁም የፕሮጀክት ሐሳብ የሚያቀርቡ ማኅበራት በውጭ አገር መጽሔቶች የታተሙ ጥናቶችን በዋቢነት ይጠቅሳሉ። ስለ መንዝ በግ ዝርያና ስለ ጓሳ ጭላዳ ዝንጀሮዎች የተጻፉት ጥናቶች ሳይቀሩ በአብዛኛው የሚገኙት በእነዚሁ መጽሔቶች ነው። የኔትወርክ አገልግሎት በማይመችበት ቀበሌ አንድ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ በስልክና በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። በፍላሽ ያለው ቅጂ እንደወረደ ይቀራል፤ በአሳታሚው ዘንድ ያለው መዝገብ ግን ሊለወጥ ይችላል። ጽሑፉ ታርሞ ወይም ተሽሮ ሳለ የቀድሞውን ቅጂ የያዘ ሰው ይህን የሚያውቅበት ምልክት በእጁ የለም።

እርማት፣ የስጋት መግለጫ እና መሻር

መጽሔቶች በታተመ ጽሑፍ ላይ ስሕተት ሲገኝ የሚያወጡት ማስታወቂያ በሦስት ይከፈላል። እርማት የሚወጣው የጽሑፉ አንድ ክፍል ተሳስቶ ሌላው ክፍል የሚጸና ሲሆን ነው። የስጋት መግለጫ የሚወጣው ጥርጣሬ ተነሥቶ ምርመራው ገና ባልተጠናቀቀበት ጊዜ ነው። በተለምዶ ሪትራክሽን የሚባለው መሻር ደግሞ የጽሑፉ ውጤት ሊታመን እንደማይችል ሲረጋገጥ የሚወሰድ እርምጃ ነው።

የተሻረ ጽሑፍ ሁሉ የማጭበርበር ውጤት አይደለም። በቅን ልቦና የተፈጸመ የስሌት ስሕተትም ለመሻር ሊያበቃ ይችላል። ስለዚህ የማስታወቂያውን ርእስ ብቻ ማየት አይበቃም፤ ምክንያቱን የሚገልጸውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል።

የሞታ ዋሻ ጥናት፦ የእርማት ምሳሌ

እ.ኤ.አ. በ2012 በደቡብ ኢትዮጵያ በጋሞ ደጋ፣ ሞታ በተባለ ዋሻ ውስጥ፣ ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት የተቀበረ የአንድ ወንድ አጽም ተገኘ። አጽሙ በጋሞኛ “በኵር” የሚል ትርጉም ያለው ባይራ የሚል ስም ተሰጠው። ከአጽሙ የተገኘው ሙሉ ጂኖም ከጥንታዊ የአፍሪካ አጽም የተነበበ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ።

ጥናቱ ሁለት ዋና ድምዳሜዎች ነበሩት። አንደኛው፣ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከምዕራብ ዩሬዥያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ሕዝብ ገብቷል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የዚያ ፍልሰት አሻራ በምሥራቅ አፍሪካ ሳይወሰን እስከ ምዕራብ አፍሪካ ዮሩባዎችና እስከ መካከለኛው አፍሪካ ምቡቲዎች ድረስ ይታያል የሚል ነበር። የጽሑፉ ርእስም “በመላው የአፍሪካ አህጉር” የሚል ቃል ይዞ ወጣ።

ቆየት ብሎ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፖንተስ ስኮግሉንድና ዴቪድ ራይክ ስሌቱን ደግመው ሲሠሩ ሁለተኛውን ውጤት ማግኘት አልቻሉም፤ ይህንንም በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኙት ለጥናቱ መሪ ለአንድሪያ ማኒካ አሳወቁ። የጥናቱ ባለቤቶች ሥራቸውን ሲመረምሩ ጉድለቱ መረጃን ከአንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ወደ ሌላ በማሸጋገር ሂደት የተፈጠረ ሆኖ ተገኘ። ለሽግግሩ የሚያስፈልግ አንድ እርከን በመዘለሉ፣ የባይራ ጂኖም ለማነጻጸሪያ ከተያዘው የሰው ጂኖም ጋር አንድ የሆነባቸው ቦታዎች ከስሌቱ ወጥተው ቀርተዋል።

ይህ ጉድለት ያስከተለውን ለመረዳት ሁለት የዳዊት ቅጂዎችን የሚያመሳክር ሰው ማሰብ ይቻላል። ሰውየው ቅጂዎቹ የሚስማሙባቸውን መስመሮች እየዘለለ ልዩነቶቹን ብቻ ቢቆጥር፣ ሁለቱ መጻሕፍት ከእውነተኛው መጠን በላይ የተራራቁ ይመስሉታል። በሞታ ጥናትም ባይራ ከዩሬዥያ ሕዝቦች ከትክክለኛው ልክ በላይ የራቀ መሰለ። ሌሎች አፍሪካውያን ከእርሱ ጋር ሲነጻጸሩ ደግሞ በአንጻሩ ለዩሬዥያ የቀረቡ ሆነው ታዩ።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 መጽሔቱ እርማት አወጣ። በእርማቱ መሠረት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስለተደረገው ፍልሰት የተሰጠው ድምዳሜ ጸንቷል፤ በመላው አህጉር የሚለው ግን ቀርቷል። ስለሆነም ጽሑፉ አልተሻረም። ነገር ግን የ2015ቱን ቅጂ ብቻ የያዘ መምህር የዮሩባንና የምቡቲን ሕዝብ የዘር ምንጭ በሚመለከት ባለቤቶቹ ራሳቸው የተዉትን ቃል ለተማሪዎቹ እውነት አድርጎ ሊያስተምር ይችላል።

የመሻር ምሳሌ

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2020 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለው መድኃኒት ለኮቪድ ሕሙማን አደገኛ መሆኑን የሚገልጽ ጥናት ወጣ። ጥናቱ ሰርጂስፌር የተባለ ድርጅት ከ671 ሆስፒታሎች ሰበሰብኩት ባለው የ96,000 ያህል ሕሙማን መረጃ ላይ የተመሠረተ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት በቀናት ውስጥ የመድኃኒቱን ሙከራ ለጊዜው አቋረጠ። ተመራማሪዎች ግን የመረጃውን እውነተኛነት ተጠራጠሩ፤ ከአፍሪካ ተሰበሰበ የተባለው መረጃ ብዛትና ዝርዝርም አንዱ የጥያቄ ምክንያት ሆነ። ድርጅቱ ሙሉ መረጃውን ለገለልተኛ መርማሪዎች ለማስረከብ ፈቃደኛ ሳይሆን በመቅረቱ፣ ከአራቱ ጸሐፊዎች ሦስቱ ጁን 4 ቀን ጽሑፉ እንዲሻር አደረጉ። በኅትመቱና በመሻሩ መካከል የነበረው ጊዜ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። በእነዚያ ቀናት ጽሑፉን ያወረደ ሰው ቅጂው ዛሬም ጤነኛ መስሎ ይታየዋል።

ማጣራቱ የሚከናወንበት ቅደም ተከተል

1. የጽሑፉን መለያ ቁጥር ማግኘት። በአብዛኞቹ ጽሑፎች የመጀመሪያ ገጽ ወይም በዋቢዎች ዝርዝር ውስጥ በ`10.` የሚጀምር፣ ዲ.ኦ.አይ. የሚባል መለያ ይገኛል። የሞታው ጥናት መለያ `10.1126/science.aad2879` ነው። መለያው ካልተገኘ የጽሑፉ ሙሉ ርእስ ያገለግላል።

2. የአሳታሚውን ገጽ መክፈት። በስልክ ወይም በኮምፒውተር ማሰሻ ላይ ከ`https://doi.org/` ቀጥሎ መለያው ሲጻፍ የአሳታሚው ገጽ ይከፈታል።

```
https://doi.org/10.1126/science.aad2879
```

   በገጹ ላይ `RETRACTED`፣ `Correction`፣ `Erratum` ወይም `Expression of Concern` የሚሉ ቃላት መኖራቸው ይታያል። የመጀመሪያው መሻርን፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው እርማትን፣ አራተኛው የስጋት መግለጫን ያመለክታሉ። `Check for updates` የሚል ምልክት ካለ እርሱን በመጫን አሳታሚው በጽሑፉ ላይ ለውጥ መመዝገብ አለመመዝገቡን ማወቅ ይቻላል።

3. በፐብሜድ ማመሳከር። ጽሑፉ ስለ ጤና ወይም ስለ ሥነ ሕይወት ከሆነ በ`pubmed.ncbi.nlm.nih.gov` መፈለጊያ ላይ ያው መለያ ይጻፋል። የታረመ ጽሑፍ ከሆነ `Erratum in`፣ የተሻረ ከሆነ `Retraction in` የሚል መስመር የማስታወቂያውን ቀን ጨምሮ ይታያል። የሞታው ጥናት በዚህ መዝገብ የሚገኘው “በምሥራቅ አፍሪካ” በሚለው የታረመ ርእሱ ነው። በእጅ ያለው ቅጂ “በመላው የአፍሪካ አህጉር” የሚል ከሆነ የርእሶቹ ልዩነት ብቻውን ቅጂው የቆየ መሆኑን ይነግራል።

4. የመሻር መዝገብን መመልከት። በ`retractiondatabase.org` የሚገኘው የሪትራክሽን ዎች መዝገብ በርእስ፣ በጸሐፊ ስም፣ በመጽሔትና በአገር ለመፈለግ ያስችላል፤ አጠቃቀሙም ያለ ክፍያ ነው። መዝገቡ በዋናነት የተሻሩ ጽሑፎችን የሚይዝ ሲሆን እርማቶችን ሁሉ አያካትትም። ስለዚህ በዚህ መዝገብ ያልተገኘ ጽሑፍ ያልታረመ ነው ማለት አይቻልም፤ እርማት የሚፈለገው በተራ ቁጥር 2 በተገለጸው በአሳታሚው ገጽ ነው።

የኢንተርኔት አገልግሎት በማይገኝበት አካባቢ የሚሠራ ሰው የጽሑፎቹን መለያ ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ ወደ ከተማ በሚወርድበት ዕለት በአንድነት ሊያጣራ ይችላል። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የተጣራበትን ቀን መመዝገብ ይገባል፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚወጣ ማስታወቂያ በፊተኛው ማጣራት አይታወቅምና።

ማጣራቱ የማይደርስበት

መለያ ቁጥር በሌላቸው መጽሔቶችና በወረቀት ብቻ በታተሙ የቆዩ ዘገባዎች ላይ ከላይ የተዘረዘሩት መንገዶች ውጤት ላይሰጡ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ የመጽሔቱን ቀጣይ እትሞች መመልከት ወይም አርታኢውን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ገንዘብ እየተቀበሉ ያለ ምርመራ የሚያትሙ መጽሔቶች ደግሞ ስሕተት ቢገኝም ማስታወቂያ ላያወጡ ይችላሉ። በምርመራ ላይ ያለ ጽሑፍም ውሳኔ እስኪሰጥበት ድረስ ያለ ምልክት ሊቆይ ይችላል። በመሆኑም ምልክት አለመገኘቱ የሚያረጋግጠው እስከተጣራበት ቀን ድረስ ማስታወቂያ አለመታየቱን እንጂ የጽሑፉን ትክክለኛነት አይደለም።

ውጤቱ ከታወቀ በኋላ

የተሻረ ጽሑፍ ለማንኛውም ሐሳብ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይገባም። ስለ ጽሑፉ መናገር ግድ ከሆነ መሻሩ በግልጽ ተጽፎ የመሻሪያ ማስታወቂያው አብሮ ይጠቀሳል። የስጋት መግለጫ የወጣበትን ጽሑፍ ምርመራው እስኪያበቃ በብቸኛ ማስረጃነት አለመያዝ ይመረጣል።

ጽሑፉ የታረመ ከሆነ መጠየቅ ያለበት እርማቱ የነካው የተጠቀሰውን ቃል ነው ወይስ ሌላውን የሚለው ነው። የሞታውን ጥናት ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ፍልሰት የጠቀሰ ተማሪ ሐሳቡን መተው አያስፈልገውም፤ እርማቱን ከዋናው ጽሑፍ ጋር መጥቀስ ይበቃዋል። ስለ መላው አህጉር የጠቀሰ ግን ዓረፍተ ነገሩን ማውጣትና በዚያ ላይ ተመሥርቶ የጻፈውን ሁሉ እንደገና መመርመር ይኖርበታል።