«ደህና ነኝ» ያልበቃት እናት

«ደህና ነኝ እማዬ። እደውላለሁ።»

ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ ደብረ ብርሃን የተላከው ይህ ብቻ ነበር። ጎረቤታችን ማንበብ ስለማይችሉ ስልኩን ይዘው እኔ ዘንድ መጡ። አነበብኩላቸው። «ቀሪውስ?» አሉኝ። ቀሪ አልነበረውም።

«ስልኩ ቆርጦት ይሆናል» አልኳቸው። በፊደላችን የሚጻፍ አንድ የስልክ መልእክት ክፍት ቦታና ነጥብ ተቆጥሮ 70 ምልክት ይይዛል፤ በላቲን ፊደል ቢሆን 160 ነው። የልጁን ብቆጥረው ግን 19 ብቻ ሆነ። ቦታ አልጠበበውም።

እናትየው ሌላም ነገር አስተውለዋል። መልእክቱ የገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። በበጋቸው ወራት የዋሽንግተን ሰዓት ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ እዚያ ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር። ልጁ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነው፤ ስልክ አይነካም።

«ደህና ነኝ» የሚለው ቃልም አላሳመናቸውም። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ሰው ቤት ድረስ ሄዶ ነው የሚረዳው። እስከዚያ ባሕር ማዶ ያለው ልጅ ሲደውል «ሁሉም ደህና ነው» ይባላል። ስለዚህ ያለ ዝርዝር የመጣ «ደህና» የተደበቀ ነገር ሊኖረው እንደሚችል ላኪውም ተቀባዩም ያውቃሉ።

«ምን ሆነሃል? ብዬ ልጻፍላቸው?» አልኩ።

«ተይ፤ ‹ምንም› ይለኛል» አሉና ቃሉን ራሳቸው ነገሩኝ፤ እኔ ጻፍኩ፦

«ልጄ፣ እንደምን ሰነበትህ? እኛ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አልደብቅህም፤ አባትህን ጉልበቱ አሞት ነበር፣ አሁን በምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ቡሬዋ ሴት ጥጃ ወልዳለች። ትናንት ማታ ምን በላህ? ማን ሠራው? ዛሬ ስንት ሰዓት ተነሣህ? ድንግል ትከተልህ። እናትህ።»

ከላክሁት በኋላ ነው አሠራሩ የገባኝ። መጀመሪያ ልጁ የተወውን ሰላምታ መለሱለት። ቀጥለው የአባትየውን ሕመም ሳይሸሽጉ ነገሩት፤ እውነት የነገሩት ልጅ እውነት ለመመለስ አይፈራም። ጥያቄዎቹም ቢሆኑ «ደህና» ተብለው የሚታለፉ አይደሉም። ምን እንደ በላ የተጠየቀ ሰው የምግብ ስም መጥራት አለበት፤ ስንት ሰዓት ተነሣህ የተባለም ቀኑን መናገር ይጀምራል።

እርግጥ ዘዴው ሁልጊዜ አይሠራም። ጥያቄው ከበዛ ምርመራ ይሆናል፤ ከሥራ ደክሞ የገባ ልጅም ስልኩን ያስቀምጠዋል። ለዚህ ነው ሦስት ጠይቀው ያቆሙት።

በማግስቱ መልስ መጣ፦ «ሽሮ ነው የበላሁት፣ ራሴ ሠርቼ አረረብኝ። የተነሣሁት ቀትር ላይ ነው። እማዬ፣ ከሥራ ከወጣሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። የአባዬ ጉልበት እንዴት ነው?»

እናትየው ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ «አሁን ደውይልኝ» አሉኝ።