እስከ ዓርብ የጸና ዋጋ፤ በሁለት የሕግ ሥርዓቶች መካከል ለሚመላለሱ ተማሪዎች

አንድ የመቂ ሽንኩርት ሻጭ ረቡዕ ቀን ለአንድ የአዳማ ጅምላ ነጋዴ፣ «100 ኩንታል ሽንኩርት በኩንታል 3,000 ብር እሸጥልዎታለሁ፤ ይህ ዋጋ እስከ ዓርብ ቀትር የጸና ነው» ብሎ በጽሑፍ ላከ እንበል። ሐሙስ ዕለት ሌላ ገዢ መኪና ይዞ መጥቶ 3,400 ብር ቢሰጠው ሻጩ ሽንኩርቱን ለዚያ አስጫነ። የአዳማው ነጋዴ ይህንኑ ከሾፌሮች ቢሰማም፣ ዓርብ ጧት «ተቀብያለሁ» የሚል መልሱን በእጅ አደረሰ። በሁለቱ ወገኖች መካከል ውል አለን ወይስ የለም? የሕግ ተማሪ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፣ ትምህርቱን የቀሰመው ለንደን ወይም ናይሮቢ እንደሆነ ወይም አዲስ አበባ እንደሆነ ወዲያውኑ ያስታውቃል።

የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ይህንኑ የመሰለ ጉዳይ ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1874 ዶድስ የተባለ ሰው ቤቱን በ800 ፓውንድ ሊሸጥ ለዲኪንሰን በጽሑፍ ሐሳብ አቀረበለት፤ ሐሳቡም እስከ ዓርብ ጧት ሦስት ሰዓት ክፍት እንደሚሆን ጨመረበት። ሐሙስ ዕለት ግን ቤቱን ለሌላ ሰው ሸጠው። ዲኪንሰን ይህን ከሦስተኛ ሰው ሰምቶ ሳለ፣ ዓርብ ከሦስት ሰዓት በፊት ዶድስን ባቡር ላይ ሲሳፈር አግኝቶ የመቀበያ ወረቀቱን ቢሰጠው፣ «ዘግይተሃል» የሚል መልስ አገኘ። የይግባኙ ችሎት እ.ኤ.አ. በ1876 ለዶድስ ፈረደ። ምክንያቱም በኮመን ሎው አንድ ተስፋ ሕጋዊ ግዴታ የሚሆነው ተስፋ ተቀባዩ በአጸፋው አንዳች ዋጋ ሲሰጥ ነው፤ ዲኪንሰን ደግሞ ዶድስ እስከ ዓርብ እንዲጠብቀው ብሎ የከፈለው ነገር አልነበረም። ጥቂት ሽልንግ እንኳ ከፍሎ ቢሆን ኖሮ ቀጠሮው አስገዳጅ በሆነ ነበር። የሕንድ የውል ሕግም እስኪቀበሉት ድረስ ሐሳብን መሻር ይፈቅዳል። አሜሪካኖች ግን በንግድ ሕጋቸው፣ ነጋዴ ፈርሞ ላጸናው የሽያጭ ሐሳብ ያለ ክፍያ እስከ ሦስት ወር ድረስ እንዲታሰር በማድረግ ከዚህ ልማድ በከፊል ተለይተዋል።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሄደው በሌላ መንገድ ነው። ሕጉ በፈረንሳዊው ሊቅ በረኔ ዳቪድ ተረቅቆ በ1952 ዓ.ም. ታወጀ፤ በመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ለውል መጽናት የሚያስፈልጉትን ሲዘረዝር፣ ችሎታን፣ ፈቃድን፣ ጉዳዩንና ሕግ ባዘዘ ጊዜ ፎርሙን ይጠይቃል እንጂ የአጸፋ ዋጋን አይጠይቅም። ስለዚህም በአንቀጽ 1690፣ ለመቀበያ ቀን ቆርጦ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ቀኑ እስኪያልፍ ድረስ በሐሳቡ ይገደዳል። ቀን ያልቆረጠም እንኳ መልስ ሊጠበቅበት ለሚገባው ጊዜ ያህል ይታሰራል። በአንቀጽ 1693 መሠረት ሐሳብን መሳብ የሚቻለው፣ የመሳቢያው ቃል ለተቀባዩ ከሐሳቡ በፊት ወይም ከሐሳቡ ጋር እኩል ሲደርሰው ብቻ ነው። የመቂው ሻጭ ጽሑፍ ረቡዕ ስለተነበበ፣ የሐሙሱ ወሬ ምንም ኃይል የለውም። ዓርብ ጧት ውሉ ተፈጽሟል።

ሽንኩርቱ ለሌላ ሰው ተጭኖ ሄዷልና ክርክሩ በገንዘብ ላይ ይሆናል። ገዢው በመጀመሪያ ሻጩ እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ከዚያም ዓርብ ቀን የአዳማ ገበያ ዋጋ 3,400 ብር እንደነበረ ቢያስረዳ፣ በኩንታል 400 ብር፣ በ100 ኩንታል 40,000 ብር ልዩነት ይጠይቃል። በለንደን ትምህርቱ የሚመራ አማካሪ ግን ለሻጩ «ምንም ዕዳ የለብህም» ብሎ ይጽፍለት ነበር።

የዚህ ደንብ ወሰንም መታወቅ ይገባዋል። ለብዙ ሰዎች የሚላክ የዋጋ ዝርዝር ወይም በሱቅ ደጃፍ የተዘረጋ ዕቃ በአንቀጽ 1687 መሠረት የውል ሐሳብ አይደለም፤ ስለዚህም ማንንም አያስርም። ገዢውም «ተቀብያለሁ፣ ግን በ2,900 ብር» ቢል፣ በአንቀጽ 1694 መሠረት የመጀመሪያውን ሐሳብ እንደ መቃወም ይቆጠርበታል፤ ያቀረበውም አዲስ ሐሳብ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ 3,000 ብሩ ዋጋ እመለሳለሁ ቢል ሻጩ አይገደድለትም።

ይሁን እንጂ ተማሪው ከዚህ ተነሥቶ የኢትዮጵያ ሕግ በጠቅላላው የፈረንሳይ ነው ብሎ ቢደመድም ሁለተኛ ስሕተት ይሠራል። ጉዳዩ በአዳማ ፍርድ ቤት ሲከፈት የሚገዛው በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው፤ ይህም አብዛኛውን መልኩን የወሰደው ከሕንድ የ1908 እ.ኤ.አ. ሕግ ነው። ዳኛው ክሱንና መልሱን አንብቦ ወገኖች የሚለያዩበትን ነጥብ በጭብጥነት ይይዛል፤ ለምሳሌ «ሻጩ እስከ ዓርብ ቀን ቆርጧልን?» ብሎ ይጽፋል። ከዚያም ጽሑፉ ጠፍቶ እንደሆነ ምስክሮችን ያቀረበው ወገን ዋና ጥያቄ ይጠይቃል፤ ተከራካሪው በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈትናቸዋል፤ ያቀረበው እንደገና ይጠይቃል። ከአህጉር አውሮፓ የመጣ ተማሪ ዳኛው ራሱ ምስክሩን እስኪመረምርለት ቢጠብቅ፣ ዳኛው መጠየቅ የሚችል ቢሆንም፣ መስቀለኛውን የመጠየቂያው ተራ ሊያልፍበት ይችላል። በዚህ ክፍል የሚጠቀመው ከለንደን የመጣው ተማሪ ነው። የሕግ ፋኩልቲው በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈትም፣ በአሜሪካ የተማሩ ብዙ መምህራን ከፈረንሳይ የተቀዳውን ሕግ አስተምረዋልና፣ የሁለቱ ልማዶች መገናኘት እንግዳ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ነጥብ ሁለቱንም ዓይነት ተማሪ ያሳስታል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ደነገገ፤ አስገዳጅነቱንም በ1213 ሳይሆን በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 አጽንቶታል። ስለሆነም በመቂ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ የተቀመጠ ዳኛም በዚሁ ይታሰራል። ኮድ ብቻ የሚያነብ ተማሪ ይህን ይዘነጋዋል፤ ፍርድ ብቻ የሚፈልግ ደግሞ አንቀጹን ሳያይ ከፍርዱ ይጀምራል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ አንቀጹን በአማርኛው ቃል ማንበብ፣ ቀጥሎ ሰበር ሰሚው ያንን አንቀጽ ተርጉሞት እንደሆነ በታተሙት ቅጾች መፈለግ፣ በመጨረሻም የሚያስገድደው የሕጉ ትርጉም መሆኑን አስቦ ከያዘው ጉዳይ ጋር ማገናዘብ ነው።

ነጋዴውም ከዚህ የሚወስደው ትምህርት አለ። ዋጋ ለማሳወቅ ብቻ የሚጽፍ ሰው «ይህ የዋጋ መግለጫ ነው፤ የሽያጭ ሐሳብ አይደለም» ብሎ በግልጽ ይጻፍ። «እስከ ዓርብ የጸና ነው» ብሎ የፈረመ ግን፣ የሐሙሱ ዋጋ ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ ሽንኩርቱን እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ በመጋዘኑ ያቆየዋል።