አንድ ስም፣ ብዙ ስሌት፦ የተሳትፎ ምጣኔ በአውቶማቲክ ሪፖርት

የተሳትፎ ምጣኔ በማኅበራዊ ሚዲያ የወጣ ጽሑፍ፣ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ከታየበት ብዛት አንጻር ምን ያህል ምላሽ እንዳገኘ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ላይክ፣ ኮሜንት፣ ሼርና የመሳሰሉት ምላሾች ይደመራሉ፤ ድምሩ ለእይታው ብዛት ተካፍሎ በ100 ይባዛል። ነገር ግን ምላሽ የሚባለው ምን እንደሆነና እይታ የሚቆጠረው መቼ እንደሆነ እያንዳንዱ መድረክ ለራሱ ይወስናል። በየሳምንቱ ከበርካታ መድረኮች ቁጥር እየሰበሰበ ሰንጠረዥ የሚያወጣ ፕሮግራም የመድረኮቹን ምጣኔ እንዳለ ጎን ለጎን ካስቀመጠ፣ የማይነጻጸሩ ነገሮችን እያነጻጸረ ነው።

ሊንክድኢን ለድርጅት ገጾች የሚሰጠው ምጣኔ ከላይክ፣ ከኮሜንትና ከሼር በተጨማሪ ክሊክንም ይቆጥራል። ረዘም ያለ ጽሑፍ ለማንበብ «ተጨማሪ አሳይ» የሚለውን የነካ ሰው ሁሉ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ኤክስም በተመሳሳይ መንገድ ሊንክን፣ ፎቶን ወይም የተጠቃሚ ስምን መንካትን ተሳትፎ ይለዋል። ቲክቶክና ቴሌግራም ደግሞ በኤፒአይ በኩል ለእያንዳንዱ ልጥፍ የሚሰጡት ጥሬ ቁጥሮችን ብቻ ነው፤ ምጣኔውን የሚያሰላው ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው ሰው ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚያሳስት በአንድ ምሳሌ ይታያል። አንድ ድርጅት ተመሳሳይ ቪዲዮ በሊንክድኢን፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ቻናሉ ለቀቀ እንበል። ሊንክድኢን ላይ 4,000 ጊዜ ታየ፤ 220 ክሊክ፣ 60 ላይክ፣ 12 ኮሜንትና 8 ሼር አገኘ። ቲክቶክ ላይ 20,000 እይታ፣ 900 ላይክ፣ 60 ኮሜንትና 40 ሼር ተመዘገበ። ቴሌግራም ላይ 6,000 እይታ፣ 150 ሪአክሽንና 90 ፎርዋርድ ነበረው፤ ቻናሉ የውይይት ግሩፕ ስላልተያያዘለት ኮሜንት መስጠት አይቻልም። የሊንክድኢን የራሱ ምጣኔ 300 ለ4,000 ሲካፈል የሚገኘው 7.5 በመቶ ነው። የቲክቶክ 1,000 ለ20,000 ተካፍሎ 5 በመቶ፣ የቴሌግራም ደግሞ 240 ለ6,000 ተካፍሎ 4 በመቶ ይሆናል። ይህን ሰንጠረዥ ያየ ኃላፊ ሊንክድኢን ይበልጣል ብሎ በጀት ሊያዞር ይችላል። ክሊኩ ሲወጣ ግን የሊንክድኢን ምላሽ 80 ብቻ ነው፤ ምጣኔውም 2 በመቶ ይሆናል። አንደኛ የነበረው መጨረሻ ሆነ፤ የተለወጠው ግን ትርጉሙ ብቻ ነው።

መፍትሔው የመድረኮቹን ምጣኔ ትቶ ጥሬውን ቁጥር መውሰድና በአንድ ቀመር ማስላት ነው። ቀመሩ ላይ የሚገባው በሁሉም መድረክ አቻ ያለው ነገር ብቻ ነው።

```
ምጣኔ = (ስሜት መግለጫ + ኮሜንት + ማጋራት) / እይታ × 100
```

በፕሮግራሙ ውስጥ የየመድረኩ ስም ወደዚህ የጋራ ስም ይተረጎማል። የሊንክድኢን `likeCount`፣ የቲክቶክ `like_count` እና የቴሌግራም `reactions` ሁሉም ስሜት መግለጫ ይሆናሉ፤ `shareCount`፣ `share_count` እና `forwards` ደግሞ ማጋራት። ክሊክ አይጣልም፤ ወደ ድረ ገጽ ሰው ለመሳብ ለሚሠራ ድርጅት ከላይክ የበለጠ ዋጋ አለው። ነገር ግን በሌላ ዓምድ ለብቻው ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ባዶና ዜሮ መለየት አለባቸው። በምሳሌው የቴሌግራም ኮሜንት ዜሮ አይደለም፤ ዕድሉ አልተሰጠም። ሪአክሽንም የቻናሉ አስተዳዳሪ ከዘጋው እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ ሁለቱንም 0 ብሎ ከመዘገበ፣ የተዘጋ በር ሰው ያልፈለገው በር መስሎ ይታያል። ስለዚህ ያልተገኘው ቁጥር ባዶ ሆኖ ይቀመጥና ሪፖርቱ ላይ «ያለ ኮሜንት የተሰላ» የሚል ምልክት ይደረግበታል። ቴሌግራም ላይ ሌላም እንቅፋት አለ፤ በተለመደው የቦት ኤፒአይ የሚመጣው መልእክት የእይታ ብዛትን አይዝም። ቁጥሩን ለማግኘት በተጠቃሚ አካውንት የሚገባውን ሌላውን የቴሌግራም ኤፒአይ መጠቀም ያስፈልጋል።

አካፋዩን ማመሳሰል ከዚህ ይከብዳል፤ ሙሉ በሙሉም አይሳካም። አንዳንዱ መድረክ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ አንዳንዱ ስንት የተለያየ ሰው እንዳየው፣ አንዳንዱ ሁለቱንም ይሰጣል። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ቢያየው በመጀመሪያው 3፣ በሁለተኛው 1 ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን መቀላቀል አይገባም። ከላይ የተመረጠው እይታ የሆነው በሦስቱም ስለሚገኝ ነው። እሱም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ሊንክድኢን የሚቆጥረው ልጥፉ በሰው ስክሪን ላይ ሲያልፍ ነው፤ ቲክቶክ ቪዲዮው መጫወት ሲጀምር ነው፤ ቴሌግራም ደግሞ ልጥፉ ፎርዋርድ ተደርጎ በሌላ ቦታ የታየበትንም ይጨምራል። በዚህ ምክንያት በመድረኮች መካከል ያለ የግማሽ በመቶ ልዩነት ብዙም ትርጉም የለውም። አስተማማኙ ንባብ አንዱን መድረክ ከራሱ ያለፉ ሳምንታት ጋር ማስተያየት ነው።

ጠቅላላ ምጣኔ ሲፈለግ ሌላ ስህተት በቀላሉ ይገባል። ከላይ ያሉት 2፣ 5 እና 4 በመቶ ተደምረው ለሦስት ሲካፈሉ 3.7 ገደማ ይመጣል። ትክክለኛው ግን ምላሾቹን ሁሉ (1,320) ለእይታዎቹ ሁሉ (30,000) ማካፈል ነው፤ ውጤቱ 4.4 በመቶ ነው። አማካዩን ተከትሎ የሚሄድ ሪፖርት አሥር ሰው ብቻ አይቶት አራት ላይክ ያገኘን ልጥፍ እንደ 40 በመቶ ቆጥሮ ብዙ ሺህ ሰው ካየው ጋር እኩል ክብደት ይሰጠዋል።

ጊዜም መጠበቅ አለበት። ሰኞ ጠዋት የሚወጣ ሪፖርት እሑድ ማታ የወጣን ልጥፍ ከስድስት ቀን ልጥፍ ጋር ካስተያየ፣ የሚለካው ዕድሜን ጭምር ነው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ልጥፍ ዕድሜው እኩል ሲሆን፣ ለምሳሌ ልክ በሰባተኛው ቀን፣ ቁጥሩን ወስዶ ከነቀኑ ቢያስቀምጥ ይህ ችግር ይወገዳል።

ቁጥሮቹ በትክክል መምጣታቸውን ለማረጋገጥ ሊንክድኢን ጥሩ አጋጣሚ ይሰጣል። `engagement` በሚል ስም የራሱን ምጣኔ ስለሚልክ፣ ክሊኩን ጨምሮ ከጥሬው ቁጥር እንደገና አስልቶ ማስተያየት ይቻላል። ሁለቱ ካልተስማሙ አንድ ዓምድ ጎድሏል ወይም ጊዜው አልገጠመም ማለት ነው። ይህ ምጣኔ የሚመጣው በመቶኛ ሳይሆን 0.075 በሚል መልክ መሆኑን ያላስተዋለ ፕሮግራም ግን 7.5 በመቶውን ከአንድ በመቶ በታች አድርጎ ያትመዋል።

በመጨረሻም መድረኮቹ ትርጉማቸውን ይለውጣሉ። ዩቲዩብ ከመጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2025) ጀምሮ የአጫጭር ቪዲዮዎችን እይታ ያለ ምንም ዝቅተኛ የቆይታ ጊዜ፣ ቪዲዮው በተጀመረ ወይም በተደገመ ቁጥር መቁጠር ጀመረ፤ የቀድሞውን አቆጣጠርም `engagedViews` በሚል ለብቻው አስቀረው። አካፋዩ በአንድ ጊዜ ሲያድግ ምጣኔው ይወርዳል፣ ተመልካቹ ምንም ሳይለወጥ። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የላይክና የኮሜንት ብዛት እንዳለ ሆኖ እይታው ከአንድ ቀን ጀምሮ በሁሉም አጫጭር ቪዲዮዎች ላይ ይዘላል፣ ረጃጅሞቹ ግን አይነኩም። እንዲህ ሲሆን ሪፖርቱ በዚያ ቀን ላይ መስመር ያሰምርና ከመስመሩ በፊትና በኋላ ያሉትን ቁጥሮች አያያይዝም፤ ወይም ደግሞ ወደ ቀድሞው አቆጣጠር ይመለሳል። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር በየትኛው ትርጉም እንደተሰላ አብሮ የተመዘገበ ከሆነ ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል። ምጣኔው ብቻ ከተቀመጠና ጥሬው ቁጥር ከተጣለ ግን ያለፈውን እንደገና ማስላት አይቻልም።