መብራቱን እየተፈራረቁ የሚያበሩና የሚያጠፉ አውቶሜሽኖች

ሆም አሲስታንት በተባለው የስማርት ቤት ሶፍትዌር ከሚያጋጥሙ ግጭቶች አንዱ የኮሪደር መብራት ላይ ይታያል። አንድ አውቶሜሽን ሰው ሲንቀሳቀስ፣ ወይም ሰው እያለ ብርሃኑ ከ30 ሉክስ በታች ሲወርድ፣ መብራቱን ያበራል። ሌላው ደግሞ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ብርሃኑ ከ50 ሉክስ ሲያልፍ ያጠፋል። ለየብቻቸው ሲታዩ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ችግሩ የብርሃን መለኪያው ሴንሰር እዚያው መብራቱ ሥር መሰቀሉ ነው። ማታ 12 ሉክስ ያነበበው ሴንሰር አምፖሉ ሲበራ 90 ያነባል፤ ሁለተኛው አውቶሜሽን የነጋ መስሎት ያጠፋል፤ ንባቡ ተመልሶ 12 ይሆናል፤ የመጀመሪያው እንደገና ያበራል። ሰውየው ከኮሪደሩ እስኪወጣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል።

ጥፋተኛውን ለማግኘት የመብራቱን ታሪክ መክፈት በቂ ነው፤ እያንዳንዱ ማብራትና ማጥፋት በየትኛው አውቶሜሽን እንደተፈጸመ ተጽፎ ይገኛል። በ`Traces` ደግሞ የትኛው ሁኔታ እንዳለፈና የትኛው እንደወደቀ በዝርዝር ይታያል። ሆኖም ሶፍትዌሩ ካልተለወጠ በቀር የሚያስቀምጠው የመጨረሻዎቹን 5 ሂደቶች ብቻ ስለሆነ ግጭቱ ሳይደበዝዝ ቶሎ ማየት ይገባል።

መፍትሔው የብርሃን ንባቡን ለማብራት ውሳኔ ብቻ መጠቀም ነው። ማጥፋቱ በሌላ ምክንያት ይፈጸም፤ ለምሳሌ ለ3 ደቂቃ እንቅስቃሴ ሲጠፋ። በብርሃን ማጥፋት የግድ ከሆነ ገደቡ አምፖሉ ራሱ ከሚሰጠው ንባብ በደንብ መብለጥ አለበት፤ እዚህ ቤት 50 ሳይሆን 150 ያህል ማለት ነው።

ቅድሚያን በተመለከተ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። ሆም አሲስታንት አንዱን አውቶሜሽን ከሌላው የሚያስበልጥ የደረጃ ቁጥር የለውም። `mode` የሚባለው ምርጫም አንድ አውቶሜሽን ሥራውን ሳይጨርስ ዳግም ሲቀሰቀስ ምን እንደሚሆን ብቻ ይወስናል፤ በሁለት አውቶሜሽኖች መካከል አይዳኝም። ስለዚህ ሁለቱን ወደ አንድ ማዋሃድና ውሳኔዎቹን በ`choose` ውስጥ ከላይ ወደ ታች መደርደር ይሻላል፤ መጀመሪያ የተሟላው አማራጭ ይፈጸማል፣ ከሱ በታች ያሉት ይዘለላሉ።

ለኮሪደሩ የሚስማማው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ከሁሉ በላይ የሰው ትእዛዝ ይቀመጣል፤ «በእጅ» የሚል `input_boolean` ከበራ አውቶሜሽኑ ምንም አያደርግም። ቀጥሎ እንቅስቃሴ ለ3 ደቂቃ ከጠፋ ማጥፋት፣ ከዚያ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንቅስቃሴ ካለ በ10 በመቶ ማብራት፣ በመጨረሻ ከ30 ሉክስ በታች ከሆነ በሙሉ ኃይል ማብራት ይመጣል። የሌሊቱ አማራጭ ከመጨረሻው በታች ቢውል ፈጽሞ ተራ አይደርሰውም፤ በጨለማ የሚሟላው ሁልጊዜ የሙሉ ኃይሉ ሁኔታ ነውና።

«በእጅ» የተባለው መቀየሪያ ግን ከ2 ሰዓት በኋላ ራሱን እንዲያጠፋ መደረግ አለበት፤ አለዚያ አንድ ሰው ረስቶት ቢሄድ የኮሪደሩ አውቶሜሽን ሌላ ሰው እስኪያስታውሰው ድረስ ሥራ ያቆማል።