«ለኤችአር ነግሬያቸዋለሁ» ብቻውን አይበቃም፦ አለቃ ሲተነኩስ አሠሪው ያለበት ግዴታ

«ሱፐርቫይዘሬ እያስቸገረኝ ነው። ለኤችአር ብናገር ያባርሩኛል?» በኢንቦክስ ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ ነው። አጭሩ መልስ፦ ቅሬታ ስላቀረባችሁ ማባረር በሕግ ክልክል ነው። ግን ክልከላው የሚሠራላችሁ ቅሬታ ማቅረባችሁን ማሳየት ስትችሉ ነው። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው።

መነሻችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ፋብሪካ፣ ሆቴል፣ ባንክ፣ ኮልሴንተር፣ ሱቅ የምትሠሩ ሁሉ በዚህ ነው የምትተዳደሩት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የራሳቸው አዋጅ አላቸው። የቤት ሠራተኞችን ደግሞ አዋጁ «በደንብ ይወሰናል» ብሎ ነው ያለፋቸው፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ስለሆነ ሌላ ቀን እንመለስበታለን።

አዋጁ ወሲባዊ ትንኮሳ የሚለው፣ ሰውን ያለ ፈቃዱ ለወሲብ እሺ እንዲል በንግግር፣ በምልክት ወይም በሌላ በማንኛውም መንገድ ማግባባትን ነው። ኃይል ወይም የኃይል ሙከራ ከተጨመረበት ወሲባዊ ጥቃት ይባላል። ስለዚህ «አልነካኋትም እኮ» መከላከያ አይደለም። ማታ ማታ በቴሌግራም የሚላክ «እሺ ካልሽኝ ሺፍትሽን አስተካክልልሻለሁ» የሚል መልዕክት ይበቃል። ተበዳዩ ወንድ ቢሆንም ሕጉ ያው ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ጋ ደረስን። ሕጉ የሚያየው «አለቃ» የሚለውን ስም ሳይሆን በሰውየው እጅ ያለውን ሥልጣን ነው። ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም የመመደብ ሥልጣን ካለው በአዋጁ ቋንቋ «የሥራ መሪ» ይባላል። የሥራ መሪ ሲተነኩስ ሕጉ አሠሪው ራሱ ከተነኮሰው እኩል ነው የሚያየው፤ ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ ለቃ ካሳ መጠየቅ ትችላለች።

ሰውየው ግን «ሱፐርቫይዘር» ተብሎ ሥራው መስመር ማየትና ምርት መቁጠር ብቻ ከሆነ፣ ድርጅቱ «እሱ እንደ እናንተው ተራ ሠራተኛ ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ለዚህም ሕጉ መልስ አለው። ትንኮሳው በሥራ ባልደረባ ተፈጽሞ፣ ለአሠሪው ተነግሮት፣ አሠሪው በጊዜው ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ በዚህ ምክንያት የለቀቀች ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ ታገኛለች። እዚህ ላይ ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው «ተነግሮት» በሚለው ቃል ላይ ነው። በቃል ተነግሮት ከሆነ፣ ነገ ኤችአሩ «አልሰማሁም» ቢል ምን ይዛችሁ ትከራከራላችሁ?

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንዲት ልጅ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ሁለት ዓመት ሠርታለች እንበል። የቀን ደመወዟ 200 ብር ነው። ሱፐርቫይዘሯ ኦቨርታይም የሚደለድለው፣ ከመስመር መስመር የሚያዛውረው እሱ ነው። መጀመሪያ በመልዕክት ጀመረ፣ ቀጥሎ ከፈረቃ መውጫ ላይ «ላድርስሽ» ማለት፣ እምቢ ስትለው ኦቨርታይም ላይ ስሟ ጠፋ።

ልጅቷ አንድ ገጽ ጻፈች። መቼ፣ የት፣ ምን እንዳለ፣ ማን በአካባቢው እንደነበረ። የጸባይ ትንታኔ የለም፣ ስድብ የለም። ሁለት ኮፒ አድርጋ ለሰው ኃይል አስተዳደር ወሰደች፤ አንዱን ሰጠች፣ በሌላው ላይ «ገቢ» የሚል ማህተም፣ ቀንና የተቀባዩን ፊርማ አስደርጋ ይዛ ወጣች። ማህተም እንቢ ካሏት ይህንኑ ጽሑፍ ለድርጅቱ በኢሜይል ትልካለች፤ ኢሜይል ቀንና ሰዓት አለው። የቴሌግራም መልዕክቶቹንም ስክሪንሾት አድርጋ ከስልኳ ውጪ አስቀምጣለች፤ ቴሌግራም ላይ ላኪው ከሁለታችሁም ስልክ መልዕክት ማጥፋት እንደሚችል አትርሱ። ስክሪንሾቱ ላይ ስም ብቻ ሳይሆን ስልክ ቁጥሩ ወይም ዩዘርኔሙ ከነቀኑ ቢታይ ይመረጣል።

ከዚያች ማህተም ጀምሮ ኳሱ ድርጅቱ ሜዳ ላይ ነው። እዚህ ጋ ግልጽ እንሁን፦ አዋጁ «ምርመራው እንዲህና እንዲህ ይደረግ» ብሎ ደረጃ በደረጃ አልዘረዘረም። ዝርዝሩ ካለ የሚገኘው በኅብረት ስምምነቱ ወይም በድርጅቱ የሥራ ደንብ ውስጥ ነው። ኮፒውን ጠይቁ፤ የሠራተኛ ማህበር ካለ እነሱ ጋር አይጠፋም። ሕጉ ግን የሠራተኛን ሰብዓዊ ክብር የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል፣ ከላይ እንዳልነውም ዝም ማለት ዋጋ ያስከፍለዋል።

የምር የሚመረምር ድርጅት ከአሠራሩ ያስታውቃል። ጉዳዩን ለዚያ ሱፐርቫይዘር ወይም ለእሱ ቅርብ አለቃ አይሰጥም። ልጅቷንና ሰውየውን ለየብቻ ያናግራል፣ ቃላቸውን ጽፎ ያስፈርማል። የካሜራ ምስል ካለ ሳይጠፋ ያስቀምጣል። ከመልዕክቱ በፊትና በኋላ ያለውን የኦቨርታይም ድልድል ያወጣል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ግን ጠንካራ ማስረጃ ነው፦ ማንም ያላየው ወሬ ቢመስልም፣ እምቢ ባለችበት ሳምንት ስሟ ከሰሌዳው ከጠፋ ወረቀቱ ራሱ ይመሰክራል። «ምስክር የለም» ተብሎ ፋይል መዝጋት ሰበብ ነው። የሥራ ክርክር የወንጀል ክስ አይደለም፤ የሚታየው የማን ማስረጃ ሚዛን ደፋ የሚለው ነው።

በምርመራው ጊዜ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ትክክለኛው ነገር እሱን ማንሳት ነው። አዋጁ በከባድ ጥፋት የተጠረጠረን ሠራተኛ ከማሰናበት በፊት በኅብረት ስምምነት በተወሰነ ምክንያት ከሥራ ማገድን ይፈቅዳል፤ ግን ከ30 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። ደግሞም አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱን የሚጠቀመው ጥፋቱን ካወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ «እያጣራን ነው» እያለ ሁለት ሦስት ወር የሚጎትት ድርጅት ልጅቷን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ሰውየውን የማሰናበት መብቱንም እያሳለፈ ነው።

የተበላሸ ምርመራም ያስታውቃል። ሁለቱን አንድ ክፍል አስቀምጦ «እስቲ ተነጋገሩ» ማለት፣ ሽማግሌ ጠርቶ ይቅር ማባባል፣ «ስምሽ ይጠፋል» ብሎ ማስፈራራት። ከሁሉ የከፋው «ቅሬታዬን በፈቃዴ አንስቻለሁ» የሚል ወረቀት ማስፈረም ነው። ሽምግልና ለጎረቤት ጠብ ጥሩ ነው፤ የሰው እንጀራ በእጁ የያዘ አለቃና የእሱ ሠራተኛ ግን በሽምግልና ምንጣፍ ላይ እኩል አይቀመጡም። እንዲህ ያለ ወረቀት ከቀረበላችሁ ሳትፈርሙ ኮፒ ጠይቁ።

አሁን ወደ በቀሉ እንምጣ። አዋጁ አንቀጽ 26 ላይ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በክርክር መሳተፉ ለስንብት ምክንያት ሊሆን አይችልም ይላል። በዚህ ምክንያት ከተባረረች ድርጅቱ ወደ ሥራዋ የመመለስ ግዴታ አለበት፤ መመለስ ካልፈለገች ደግሞ ካሳ ይከፈላታል።

ችግሩ ማንም ድርጅት «ቅሬታ ስላቀረብሽ አባረርንሽ» ብሎ አይጽፍም። የሚጽፈው «ዘገየሽ»፣ «ምርት ቀነሰሽ»፣ «ኮንትራትሽ አለቀ» ነው። ያቺ የ«ገቢ» ማህተም እዚህ ጋ እንደገና ትሠራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ማስጠንቀቂያ ያልነበራት ሠራተኛ፣ ቅሬታ ባስገባች በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ማስጠንቀቂያ ከደረሳት ቀኖቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። «ኮንትራት አለቀ» ለሚለውም፣ ሥራው ቀጣይ ከሆነና በአዋጁ ከተዘረዘሩት የጊዜያዊ ሥራ ምክንያቶች አንዱ ከሌለ፣ ውሉ ላይ ስድስት ወር ቢጻፍም ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ነው የሚቆጠረው።

ሳያባርሩ ማስመረር ደግሞ አለ፤ ፈረቃ መቀያየር፣ ከባድ መስመር ላይ መመደብ። እውነቱን ለመናገር ሕጉ እዚህ ጋ እንደ ስንብቱ ጥርት ያለ አይደለም። ሆኖም የሥራ ውል የሚሻሻለው በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ ሲስማሙ ነው፤ ስለዚህ ደመወዝ ወይም የሥራ መደብ በአንድ ወገን ከተቀነሰ ያንንም በጽሑፍ ተቃወሙ። የከተማችሁ ሥራና ክህሎት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉት፤ እዚያም ማመልከት ይቻላል። አንድ ነገር ግን አታድርጉ፦ ተናዳችሁ ዝም ብላችሁ ከሥራ መቅረት። ያኔ አሠሪው ሲፈልገው የነበረውን ሕጋዊ ምክንያት ራሳችሁ ሰጣችሁት።

የመጨረሻው ነገር ቀን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ልጅቷ በቃኝ ብላ በትንኮሳው ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ከፈለገች፣ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን ጀምሮ ያላት 15 የሥራ ቀን ብቻ ነው። ምክንያቱንና የምትለቅበትን ቀን በጽሑፍ ማሳወቅም አለባት። አሠሪው ግን ለማጣራት ከዚያ የረዘመ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። «ውጤቱን ልጠብቅ» ስትል የእሷ ቀን ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ትንኮሳው የቀጠለ ከሆነ የመጨረሻውን ቀን በየጊዜው መዝግባ መያዝ አለባት።

በጊዜው ከለቀቀችና ሱፐርቫይዘሩ የሥራ መሪ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ የቀን ደመወዟ በ90 ተባዝቶ 18,000 ብር ካሳ አላት። የሥራ ስንብቱ ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ 6,000 ብር፤ ለሁለተኛው የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ 2,000 ብር። በጠቅላላው 26,000 ብር ማለት ነው። ይህን ክፍያ ለመጠየቅ ውሉ ከተቋረጠ በስድስት ወር ውስጥ ክስ መመስረት አለባት። ተባርራ ወደ ሥራ መመለስ ከሆነ የምትፈልገው ጊዜው ሦስት ወር ብቻ ነው። ክሱ የሚቀርበው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሲሆን ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ሰውየው ሥልጣኑን ተጠቅሞ ሴቲቱን ለወሲብ ተግባር አስገድዷት ከሆነ ግን ነገሩ ከካሳ ያልፋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625 በአሠሪነት ወይም በኃላፊነት የተገኘን ሥልጣን መሣሪያ አድርጎ ይህን መፈጸም በእስራት የሚያስቀጣ ነው ይላል። ክሱ የሚጀምረው ተበዳይዋ ስታመለክት ስለሆነ፣ ኤችአር ፋይሉን ቢዘጋውም ፖሊስ ጋ መሄድ ትችላለች።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ የድርጅትና የሰው ስም ግን በኢንቦክስ ብቻ።