ከመልሱ የሚጀምር ጥያቄ

ስሌት ያለበት የኬሚስትሪ ጥያቄ ሲሠራ ተማሪው ከተሰጠው ቁጥር ተነስቶ ወደ መልሱ ይሄዳል። ጥያቄውን ያወጣው መምህር ግን የመጣው በተቃራኒው መንገድ ነው። መጀመሪያ መልሱን ይወስናል፤ ከዚያ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ያሰላል። ይህን ያላደረገ መምህር ያወጣውን ጥያቄ ለማወቅ አይከብድም። ተማሪው ትክክለኛውን መንገድ ይዞ እየሠራ 0.0437261 የሚል ቁጥር ላይ ይደርስና “የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ” ብሎ ሁሉንም ይሰርዛል። ካልኩሌተር በማይፈቀድበት ፈተና ደግሞ ኬሚስትሪውን የሚያውቅ ልጅ በማካፈል ብቻ ይወድቃል።

አንድ ጥያቄ ከመነሻው እንሥራ። አሲዳማ አፈር ባለባቸው የአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ገበሬዎች ማሳቸው ላይ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ይበትናሉ። አሲዱን የሚያረክሰው በድንጋዩ ውስጥ ያለው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ድንጋዩ አሸዋ ከበዛበት ብዙ ኩንታል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከመቶ ስንቱ ካልሲየም ካርቦኔት እንደሆነ መለካት ግድ ይላል። መለኪያው ደግሞ ለክፍል የሚስማማ ቀላል ሙከራ ነው፤ ዱቄቱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ አረፋ ይሠራል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ የዕቃው ክብደትም በወጣው ጋዝ ልክ ይቀንሳል።

CaCO₃ + 2HCl → CaCl₂ + H₂O + CO₂

መልሱ 90 በመቶ ይሁን እንበል። 5.00 ግራም ድንጋይ ብንወስድ ካልሲየም ካርቦኔቱ 4.50 ግራም ይሆናል። የአንዱ ሞል ክብደት 100 ግራም ስለሆነ ይህ 0.045 ሞል ነው። ከእያንዳንዱ ሞል አንድ ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ የእርሱ አንድ ሞል ደግሞ 44 ግራም ነው። 0.045 በ44 ሲባዛ 1.98 ግራም ይሆናል። ይሄኔ ጥያቄው ሊጻፍ ይችላል፦ “5.00 ግራም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ 100 ሚሊ ሊትር 2 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ተጨመረ። አረፋው ሲያቆም ጠቅላላ ክብደቱ በ1.98 ግራም ቀንሶ ተገኘ። ባዕድ ነገሩ ከአሲዱ ጋር የማይዋሃድ ከሆነ፣ ከድንጋዩ ስንት በመቶው ካልሲየም ካርቦኔት ነው?” ከሥሩ የአቶሞቹ ክብደት ይሰጣል፦ Ca = 40፣ C = 12፣ O = 16።

ስለ ባዕዱ ነገር የተነገረችው ሐረግ ትርፍ ቃል አይደለችም። ድንጋዩ ማግኒዥየም ካርቦኔትም ካለበት እርሱም ጋዝ ያወጣል፤ የአንድ ሞል ክብደቱ ግን 84 ግራም በመሆኑ ስሌቱ በሙሉ ይፈርሳል።

የአሲዱ መጠን ደግሞ ብዙ ጥያቄ የሚበላሽበት ቦታ ነው። መልሱን ለማግኘት አያስፈልግም፤ ስለዚህ አውጪው ሳያስብበት “50 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር” ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ያ ማለት 0.05 ሞል አሲድ ነው። 0.045 ሞል ካልሲየም ካርቦኔት ግን እጥፉን፣ 0.09 ሞል አሲድ ይፈልጋል። አሲዱ በመሃል ስለሚያልቅ ሊወጣ የሚችለው ጋዝ 1.10 ግራም ብቻ ነው፤ 1.98 ግራም ሊቀንስ ፈጽሞ አይችልም። በዚህ ጥያቄ የሚጎዳው ደካማው ተማሪ አይደለም። እርሱ የአሲዱን ቁጥር ሳያየው አልፎ መልሱን ያገኛል። የሚጎዳው “አሲዱ በቂ ነው ወይ?” ብሎ የሚያጣራው ጎበዝ ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች አልታረቅለት ብለው ጊዜውን ይጨርሳል። እኔ ከሁሉ የከፋ የምለው ይህን ዓይነቱን ጥያቄ ነው። በእኛ ጥያቄ ውስጥ 0.20 ሞል አሲድ ስላለ ይህ ችግር የለም።

ቁጥሩ ከጸዳ በኋላ አውጪው ጥያቄውን ሆን ብሎ እየተሳሳተ ይሠራዋል። የቀነሰውን ክብደት በቀጥታ ለ5.00 ያካፈለ 39.6 በመቶ ያገኛል። የቀረው 3.02 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት የመሰለው 60.4 በመቶ ይላል። ከሁለቱ ኦክስጅን አንዱን ረስቶ 28 የተጠቀመ 141 በመቶ ይደርሳል። እነዚህ ቁጥሮች ተለያይተው መውጣታቸው ወሳኝ ነው። በስህተት መንገድም 90 የሚመጣ ከሆነ ቁጥሮቹ መቀየር አለባቸው። ጥያቄው ባለምርጫ ከሆነም ሐሰተኞቹ አማራጮች ከዚሁ ይወሰዳሉ፤ እንዲሁ በዘፈቀደ የተጻፈ 75 በመቶ ስለ ተማሪው ምንም አይነግረንም።

ይህ ጥያቄ አንድ ድክመት አለው። አንድ ሞል ለአንድ ሞል ስለሆነ፣ የሞል ንጽጽር የማያውቅ ተማሪም ያልፈዋል። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ሲወጣ ድንጋዩን በእንቁላል ቅርፊት መተካት አይበቃም። የእንቁላል ቅርፊትም በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ታሪኩ ቢቀየርም ስሌቱ ያው ነው። ወደ ወጥ ቤት ሄዶ ቤኪንግ ሶዳ ማምጣት ይሻላል። ሲሞቅ ሁለት ሞል ሶዳ አንድ ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። 8.40 ግራም ሶዳ 0.10 ሞል ነው፤ የሚወጣው ጋዝ 2.20 ግራም ይሆናል። ንጽጽሩን የዘለለ 4.40 ብሎ ራሱን ያጋልጣል። ወይም ወደ ማሳው ተመልሶ “1.8 ቶን ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ለሚፈልግ መሬት 90 በመቶ ንጹሕ ከሆነው ድንጋይ ስንት ቶን ይግባ?” ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ 2.0 ቶን ነው። በ0.9 ማካፈል ሲገባው ያባዛ ተማሪ 1.62 ያገኛል፤ ንጹሕ ካልሆነው ድንጋይ ከንጹሑ ያነሰ ይበቃል እንደማለት ነው።

የማረሚያ መመሪያው መጻፍ ያለበት ከጥያቄው ጋር በአንድ ቁጭታ ነው፤ የፈተናው ወረቀት ከተሰበሰበ በኋላ ከተጻፈ አራሚው ባየው መልስ ይሳባል። የድንጋዩ ጥያቄ አምስት ማርክ ይያዝለት፦ አንድ ለተመጣጠነው እኩልታ፣ አንድ ለ0.045 ሞል ጋዝ፣ አንድ የካርቦኔቱ ሞል ከጋዙ ጋር እኩል መሆኑን ለማሳየት፣ አንድ ለ4.50 ግራም፣ አንድ ለ90 በመቶ። ሞል ሳይጠቅስ “44 ግራም ጋዝ ከ100 ግራም ካርቦኔት ይወጣል” ብሎ በንጽጽር 4.50 ያገኘ ተማሪ የመሃሉን ሦስት ማርክ በሙሉ ይወስዳል፤ ይህ በመመሪያው ላይ ካልተጻፈ አንዱ አራሚ ይሰጠዋል፣ ሌላው ይከለክለዋል። ከመጽሐፍ 40.08 እና 12.01 ወስዶ 90.1 የጻፈም ትክክል ነው።

የሚያከራክረው 28 የተጠቀመው ልጅ ነው። የተሳሳተው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ስቴፕ ሁሉ ትክክል ነው። በአንድ ስህተት ሁለቴ አይቀጣም፤ ስለዚህ የጋዙን ሞል ማርክ ብቻ አጥቶ የንጽጽሩንና የክብደቱን ማርክ ያገኛል። የመጨረሻዋን ማርክ ግን እኔ ብሆን ዝም ብዬ አልሰጠውም። 5 ግራም ድንጋይ ውስጥ 7.07 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ሊኖር አይችልም። 141 በመቶ ብሎ አስምሮበት ከሄደ ያጣታል፤ ከጎኑ “ከመቶ በላይ ሊሆን አይችልም፣ ስህተት አለበት” ብሎ ከጻፈ ያገኛታል። ይህም በመመሪያው ላይ ቀድሞ ይጻፋል።